መጀመሪያ ፍሪጁ፣ ቀጥሎ ፓኔሉ፦ ለሶላር ቤት አምፖልና ፍሪጅ እንዴት እንምረጥ?

ሶላር ለማስገባት ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው «ስንት ፓኔል ያስፈልገኛል?» ብሎ ነው። እኔም የጀመርኩት እንደዚያው ነበር። ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ጻፍኩ፣ ፍጆታውን ደመርኩ፣ ከዚያ ያንን የሚችል ፓኔልና ባትሪ ማፈላለግ ጀመርኩ። የወጣው ቁጥር ከአቅሜ በላይ ነበር። ዝርዝሩን ደግሜ ሳየው ግን ቁጥሩን ያሳበጡት ሁለት ነገሮች ብቻ መሆናቸው ገባኝ፤ አሮጌው ፍሪጅ እና ስድስት የድሮ የሽቦ አምፖሎች። ስልክ፣ ላፕቶፕና ቴሌቪዥን አንድ ላይ ተደምረው የፍሪጁን ሲሶ እንኳ አይሞሉም ነበር።

ስለዚህ ጥያቄውን ገለበጥኩት። ፓኔል ከመጨመሬ በፊት ከፍጆታው ምን ያህል መቀነስ እችላለሁ? ለአምፖል ሦስት፣ ለፍሪጅ አራት አማራጮች ነበሩኝ። ሁሉንም በአንድ ሚዛን አስቀምጬ ያየሁበትን መንገድ ነው እዚህ የማካፍላችሁ።

## በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መስፈርት ዕቃው በ24 ሰዓት ውስጥ የሚበላው ዋት-ሰዓት ነው። ዋት ብቻውን ያሳስታል። ፍሪጅ ጀርባው ላይ 120 ዋት ተብሎ ቢጻፍበትም ኮምፕረሰሩ እየተነሳ እየጠፋ ነው የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ 120 ዋት አይበላም። በተቃራኒው 50 ዋት ብቻ የሚል ዕቃ ለአፍታም ሳይጠፋ የሚሠራ ከሆነ በቀን 1,200 ዋት-ሰዓት ይጨርሳል።

ሁለተኛው ዕቃው የሚበላበት ሰዓት ነው። መብራት የሚበላው ማታ ስለሆነ እያንዳንዷ ዋት-ሰዓት በባትሪ ውስጥ አልፋ ነው የምትመጣው። ፍሪጅ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። የቀኑን ድርሻ በቀጥታ ከፓኔሉ ሊያገኝ ይችላል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዕቃው ምን ዓይነት ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን ጉልበት ሶኬት ላይ ለሚሰካ ዕቃ እንዲሆን የሚቀይር መሣሪያ፣ ያስገድዳል? የድሮ ኮምፕረሰር ሲነሳ ለአንድ አፍታ ከመደበኛ ጉልበቱ አምስትና ስድስት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ያንን አፍታ ለመቻል ትልቅ ኢንቨርተር ይገዛል። ትልቅ ኢንቨርተር ደግሞ ምንም ሳይሠራ ተከፍቶ በመቀመጡ ብቻ ይበላል። የእኔ ባለ 2,000 ዋት ኢንቨርተር ባዶውን 20 ዋት ይወስዳል። በ24 ሰዓት ሲባዛ 480 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ይህ ከጥሩ ፍሪጅ የቀን ፍጆታ ብዙም አያንስም!

አራተኛው ዋጋ ነው። ግን የዕቃውን ዋጋ ብቻውን አይደለም የምናየው። ዕቃው የሚያስቀረውን ፓኔልና ባትሪ አብረን እናያለን። ለዚህ የምጠቀምበት አንድ ምንዛሪ አለኝ፤ ይህን ቁጥር ከያዛችሁ ቀሪው ሁሉ ይቀላል።

## በቀን 100 ዋት-ሰዓት ስንት ያወጣል?

ፀሐይ በደካማው ወር ከ4.5 ሙሉ የፀሐይ ሰዓት ጋር የሚመጣጠን ብርሃን ትሰጣለች ብለን እንነሳ። ከዚያ ላይ በሙቀት፣ በአቧራ፣ በሽቦ፣ በባትሪና በኢንቨርተር ወደ 30 በመቶ ይባክናል። ስለዚህ በቀን 100 ዋት-ሰዓት ለማግኘት 100ን ለ4.5 ታካፍላላችሁ፣ የወጣውን ደግሞ ለ0.7። ውጤቱ 32 ዋት ፓኔል ነው። ያላችሁበት ቦታ ደካማው ወር 3 ሰዓት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ በ4.5 ፋንታ 3ን አስገቡ፤ ፓኔሉ ወደ 48 ዋት ያድጋል።

ባትሪው ላይ ለአንድ ቀን ተኩል የሚበቃ መጠባበቂያ እይዛለሁ። ሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ማውረድ አይመከርም። ስለዚህ 100 ዋት-ሰዓት 300 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ይጠይቃል። በ12 ቮልት 25 አምፔር-ሰዓት ማለት ነው። ሊቲየም እስከ 80 በመቶው ድረስ ስለሚፈቅድ ወደ 190 ዋት-ሰዓት ይበቃዋል።

አሁን የአካባቢያችሁን ዋጋ አስገቡ። 32 ዋት ፓኔልና 25 አምፔር-ሰዓት ባትሪ አብረው ስንት ያወጣሉ? ያ ቁጥር በየቀኑ የምትቆጥቡት 100 ዋት-ሰዓት ዋጋ ነው። ፍሪጅ ቀይራችሁ 900 ዋት-ሰዓት ከቀነሳችሁ በዘጠኝ አባዙት። ፍሪጁ ከዚያ በታች ከተገኘ ሒሳቡ አልቋል። ሊድ አሲድ ባትሪ በጥቂት ዓመት ውስጥ እንደሚቀየር፣ ፍሪጅ ግን ብዙውን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ እንደሚያገለግልም አትርሱ። ስለዚህ የባትሪውን ዋጋ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ቁጠሩት።

## ከመገመት መለካት

ሶኬት ላይ ተሰክቶ ዕቃው የሚበላውን የሚቆጥር መለኪያ አለ። የራሴ ባይኖረኝ ኖሮ እንኳ ተበድሬ እለካ ነበር። ፍሪጅ ሲለካ አንድ ሰዓት አይበቃም። ኮምፕረሰሩ በሚሠራበት ሰዓት ካነበባችሁ ይበዛባችኋል፣ በሚያርፍበት ካነበባችሁ ያንስባችኋል። በረዶ በራሱ የሚያቀልጥ ፍሪጅ ደግሞ በየተወሰነ ጊዜ ማሞቂያ ያበራል። ሦስት ቀን ይቆይና ድምሩን ለሦስት አካፍሉ። በሩ እንደወትሮው ይከፈት ይዘጋ። ከተቻለ በሞቃቱ ወር ለኩ።

የእኔ ፍሪጅ በሦስት ቀን 4.5 ኪሎዋት-ሰዓት አስቆጠረ። በቀን 1,500 ዋት-ሰዓት መሆኑ ነው። በምንዛሪያችን ይህ ፍሪጅ ብቻውን 480 ዋት ፓኔል እና 375 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ይፈልጋል።

## መብራት፦ አጭሩ ምዕራፍ

የሽቦ አምፖል። 60 ዋት በልቶ ወደ 800 ሉመን ብርሃን ይሰጣል። ቀሪው ሙቀት ነው። ስድስት አምፖል በአማካይ አራት አራት ሰዓት ሲበራ በቀን 1,440 ዋት-ሰዓት ይጨርሳል። ከአሮጌ ፍሪጅ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ለሶላር ቤት ምንም ምክንያት የለውም።

ጠምዛዛው ፍሎረሰንት አምፖል። ያንኑ ብርሃን በ14 ዋት ገደማ ይሰጣል። የስድስቱ ድምር ወደ 336 ዋት-ሰዓት ይወርዳል። ትልቁ ዝላይ እዚህ ጋ ተፈጽሟል። ችግሩ ሲበራ እስኪሞቅ ይዘገያል፣ ቶሎ ቶሎ ሲበራና ሲጠፋ ዕድሜው ያጥራል፣ ሲሰበር ደግሞ ውስጡ ትንሽ ሜርኩሪ አለው።

ኤልኢዲ። 800 ሉመኑን በ9 ዋት ወይም ከዚያ ባነሰ ይሰጣል። ስድስቱን ሁሉ በ9 ዋት ብቀይር 216 ዋት-ሰዓት ይሆን ነበር። ግን ኮሪደርና መታጠቢያ ቤት 800 ሉመን ለምን ያስፈልጋቸዋል? ሦስቱን 9 ዋት፣ ሦስቱን 5 ዋት አደረግኩ። ድምሩ 168 ዋት-ሰዓት ሆነ።

ስትገዙ ካርቶኑ ላይ «ከ60 ዋት ጋር እኩል» የሚለውን ትታችሁ ሉመኑን አንብቡ። ሉመኑን ለዋቱ ስታካፍሉ ከ90 በላይ ከወጣ ጥሩ ነው። 60 እና 70 ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ኤልኢዲን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ሙቀት ነው። መስታወት ውስጥ ታፍኖ የሚቀመጥ ከሆነ ለዚያ ተብሎ የተሠራውን ምረጡ።

የ12 ቮልት ኤልኢዲ ልግዛ ወይስ በኢንቨርተር የሚሠራውን? መልሱ ማታ ኢንቨርተሩን ታጠፉታላችሁ ወይ በሚለው ይወሰናል። ፍሪጁ በኢንቨርተር የሚሠራ ከሆነ ኢንቨርተሩ አይጠፋም፤ ስለዚህ ለመብራት ብቻ አዲስ መስመር መዘርጋቱ ብዙም አይጠቅምም። ኢንቨርተሩ የሚጠፋ ከሆነ ግን የ12 ቮልቱ ይሻላል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። «12 ቮልት» የሚባል ሲስተም ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ 14.4 ቮልትና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ልኩን 12 ቮልት ብቻ የሚችል ርካሽ አምፖል በወራት ውስጥ ይቃጠላል። ከ10 እስከ 30 ቮልት እችላለሁ የሚለውን ግዙ።

## ፍሪጅ፦ ዋናው ውሳኔ

### 1. አሮጌውን ጠግኖ መያዝ

ብዙ ሰው ይህን አማራጭ ሳይሞክር ይዘለዋል። በሩ ላይ ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ ላስቲኩ አይገጥምም ማለት ነው። በሩን በዙሪያው ሁሉ እንዲህ ሞክሩ። ከጀርባ ያለው የሙቀት መልቀቂያ በአቧራ ተሸፍኖ ከሆነ ጥረጉት። ከግድግዳው ራቅ አድርጉት፣ ከምድጃና ከፀሐይ አሽሹት። ውስጡ የጋገረ በረዶ ካለ አቅልጡት።

እኔ ላስቲኩን ቀይሬ፣ ፍሪጁን ከምድጃው አጠገብ አንስቼ ወደ ቀዝቃዛው ጥግ ወሰድኩት። እንደገና ለሦስት ቀን ስለካው 1,300 ዋት-ሰዓት ሆነ። 200 ዋት-ሰዓት ማለት 64 ዋት ፓኔልና 50 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ነው። ለአንድ ላስቲክ ዋጋ!

ነገር ግን ገደቡም እዚያው ነው። የሳሳ ግድግዳና ያረጀ ኮምፕረሰር በላስቲክ አይድንም። የመነሻ ጉልበቱም እንዳለ ነው፤ ስለዚህ ትልቁ ኢንቨርተርና የ480 ዋት-ሰዓት ብክነቱ አብረውት ይቀራሉ።

### 2. ባለ ኢንቨርተር ኮምፕረሰር ፍሪጅ

ስሙ ያምታታል። እዚህ «ኢንቨርተር» የሚባለው ፍሪጁ ውስጥ ያለ የኮምፕረሰር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ነው። ከሶላሩ ኢንቨርተር ጋር አይገናኝም። ፍሪጁ አሁንም እንደማንኛውም የቤት ዕቃ ሶኬት ላይ ነው የሚሰካው።

ትልቁ ጥቅሙ በዝግታ መነሳቱ ነው። ያ ለአፍታ የሚዘለው ጉልበት የለም። ስለዚህ ከ600 እስከ 800 ዋት የሆነ ንጹህ ሳይን ዌቭ ኢንቨርተር፣ ማለትም እንደ መስመር መብራት ለስላሳ ሞገድ የሚሰጥ፣ ይበቃዋል። ያ መጠን ያለው ጥሩ ኢንቨርተር ባዶውን ወደ 8 ዋት ይበላል፤ በቀን 190 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። ከትልቁ ጋር ሲነጻጸር 290 ዋት-ሰዓት ተረፈ፤ ይህም የፍሪጁን የራሱን ቁጠባ ሳንቆጥር ነው።

መለያ ወረቀቱ ላይ የዓመት ፍጆታ ይጻፋል። ለ365 አካፍሉት። 180 ኪሎዋት-ሰዓት በዓመት የሚል ፍሪጅ በቀን 490 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። ቤታችሁ ሞቃት ከሆነ ግን በዚያ አትተማመኑ። ይህን መጠን ላለው ፍሪጅ በሒሳቤ 550 አድርጌ ነው የያዝኩት። ትልቅ ፍሪጅ ቆጣቢ የሚል ደረጃ ስላለው ብቻ አትግዙት፤ ደረጃው ከስፋቱ ጋር ተመዛዝኖ ነው የሚሰጠው። ቁጥሩን ራሱን አንብቡ።

የሚያጋጥመው ችግር እንዲህ ነው። አንዳንድ የሶላር ኢንቨርተሮች «ቆጣቢ» የሚባል ሁኔታ አላቸው። ጭነት ሲጠፋ ይተኛሉ፣ በየሰከንዱ እየነቁ ዕቃ መኖሩን ይፈትሻሉ። የፍሪጁ ኤሌክትሮኒክስ በዚያ ብልጭታ ሊነሳ አይችልም። ጠዋት ስትነሱ ፍሪጁ ሞቆ፣ ባትሪው ደግሞ ሞልቶ ካገኛችሁት መጀመሪያ ይህን አጥፉ። ርካሽ የሆነው ሳይን ያልሆነ ኢንቨርተርም ለፍሪጅ አይመከርም። ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይሞቃል፣ ከወትሮው በላይ ይበላል።

### 3. በቀጥታ ከባትሪ የሚሠራ ዲሲ ፍሪጅ

በ12 ወይም በ24 ቮልት ይሠራል። ኢንቨርተር አይፈልግም። ለሶላር ተብለው የተሠሩት ጥሩዎቹ የግድግዳቸው ውፍረት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ አብዛኛው ቁጠባ የሚመጣውም ከዚያ ነው። 160 እና 170 ሊትር የሚይዘውን በሞቃት ክፍል 350 ዋት-ሰዓት ብለን እንያዝ። ሌሊት ኢንቨርተሩን ማጥፋት ስለሚቻል ለቴሌቪዥንና ለላፕቶፕ ስድስት ሰዓት ብቻ ይከፈታል፤ ብክነቱ 50 ዋት-ሰዓት ይሆናል።

ጉዳቱ ዋጋው ነው። በተመሳሳይ ስፋት ካለው የሶኬት ፍሪጅ እጅግ ይወደዳል። የወፈረው ግድግዳም ከውጭ ትልቅ፣ ከውስጥ ትንሽ ያደርገዋል። መለዋወጫና የሚያውቀው ጠጋኝ በቅርብ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትግዙ።

በዚህ ፍሪጅ ላይ ሰው ደጋግሞ የሚሳሳተው ሽቦው ላይ ነው። በዝቅተኛ ቮልት ብዙ አምፔር ይፈስሳል። 5 አምፔር የሚወስድ ፍሪጅ ከባትሪው 10 ሜትር ርቆ በ2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ቢገናኝ መንገድ ላይ 0.7 ቮልት ይጠፋል። ባትሪው 12.2 ቮልት ሲሆን ፍሪጁ ጋ የሚደርሰው 11.5 ነው። የእነዚህ ፍሪጆች መቆጣጠሪያ ባትሪን ለመጠበቅ ሲል ቮልት ከወረደ ኮምፕረሰሩን ያቆማል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ኮምፕረሰሩ ለመነሳት ይሞክራል፣ ወዲያው ይቆማል፣ ደግሞ ይሞክራል። ባትሪው ላይ ስትለኩ ደህና ነው። ሰው ባትሪው ሞተ ብሎ አዲስ ይገዛል። ልኬቱ መወሰድ ያለበት ግን ኮምፕረሰሩ በሚነሳበት ቅጽበት፣ ፍሪጁ ጋ ባለው ጫፍ ነው። ሽቦውን ወደ 6 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ስትቀይሩ የሚጠፋው ወደ 0.3 ቮልት ይወርዳል።

### 4. ከላይ የሚከፈት ፍሪዘርን ፍሪጅ ማድረግ

ይህ እጁ ለሥራ የማይሰንፍ ሰው አማራጭ ነው። ከላይ የሚከፈት ፍሪዘር ግድግዳው ወፍራም ነው። ሲከፈትም ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ውጭ አይፈስም፤ ታች ይቀራል። ሶኬቱ ላይ የውጭ ቴርሞስታት ይደረግለታል፣ የሙቀት መለኪያው ጫፍ ውስጥ ይገባል፣ 4 ዲግሪ ሲደርስ መብራቱን ይቆርጠዋል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ለሚደርስ ቅዝቃዜ የተሠራ ሳጥን 4 ዲግሪ ብቻ ሲጠየቅ ሥራው ይቀለዋል። 200 ሊትር ለሚሆን 300 ዋት-ሰዓት በቂ ነው ብዬ አስላለሁ።

ቴርሞስታቱ ኮምፕረሰሩን ካጠፋ በኋላ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ፣ ቢሻል አምስት ደቂቃ የሚያስጠብቅ መሆን አለበት። ውስጡ ያለው ግፊት ሳይረጋጋ ቶሎ ቢነሳ ኮምፕረሰሩ ይጨናነቃል። ፍሪዘሩ በመዞሪያ ቁልፍ የሚስተካከል ቀላል ዓይነት ይሁን። ኤሌክትሮኒክ ገጽ ያለው መብራት ተቆርጦ ሲመለስ በራሱ ላይነሳ ይችላል።

የዕለት ተዕለት ችግሩን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ታች ውሃ ያቁራል፤ በየሳምንቱ መጥረግ ያስፈልጋል። ምግብ አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራል፣ ከሥር ያለውን ለማውጣት ከላይ ያለውን ማንሳት ግድ ነው። በረዶ የሚሠራበት ክፍል የለውም። ዋስትናም ይቀራል። ኮምፕረሰሩ የድሮ ዓይነት ስለሆነ የመነሻ ጉልበቱን የሚችል መካከለኛ ኢንቨርተር ይፈልጋል። ባዶውን 12 ዋት ይበላል ብንል በቀን 290 ዋት-ሰዓት ነው። አስተዋላችሁ? ኢንቨርተሩ ከፍሪጁ ጋር እኩል በላ።

ከእነዚህ አራቱ ውጪ ሁለት ነገሮች በርካሽ ይቀርባሉና ላስጠንቅቃችሁ። አንዱ ኮምፕረሰር የሌለው፣ ትንሽ ፋን ብቻ ያለው የ12 ቮልት ማቀዝቀዣ ሳጥን ነው። ትንሽ ቢመስልም ያለማቋረጥ ስለሚሠራ በቀን ከ1,000 ዋት-ሰዓት በላይ ሊበላ ይችላል፣ ቅዝቃዜውም ደካማ ነው። ሌላው በጋዝና በኤሌክትሪክ የሚሠራው ፍሪጅ ነው። በጋዝ ጥሩ ነው። በኤሌክትሪክ ሲሆን ግን በማሞቂያ ስለሚሠራ የሶላር ባትሪን አድርቆ ይጨርሳል።

## የአንድ ቤት ሒሳብ

አሁን ቤቴን በአምስት መንገድ እናስላው። ስልክ፣ ላፕቶፕና ቴሌቪዥን በሁሉም ላይ 400 ዋት-ሰዓት ናቸው። ከመጀመሪያው ረድፍ በቀር መብራቱ በሙሉ ኤልኢዲ ነው፣ 168 ዋት-ሰዓት።

| ምርጫ | ፍሪጅ (ዋት-ሰዓት) | የኢንቨርተር ብክነት (ዋት-ሰዓት) | የቀን ድምር (ዋት-ሰዓት) | ፓኔል (ዋት) | ሊድ አሲድ በ12 ቮልት (አምፔር-ሰዓት) | ወይም ሊቲየም (ኪሎዋት-ሰዓት) |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ምንም ሳይቀየር | 1,500 | 480 | 3,820 | 1,210 | 955 | 7.2 |
| ኤልኢዲ + የተጠገነ አሮጌ ፍሪጅ | 1,300 | 480 | 2,348 | 745 | 590 | 4.4 |
| ኤልኢዲ + ባለ ኢንቨርተር ኮምፕረሰር | 550 | 190 | 1,308 | 415 | 330 | 2.5 |
| ኤልኢዲ + ወደ ፍሪጅ የተቀየረ ፍሪዘር | 300 | 290 | 1,158 | 370 | 290 | 2.2 |
| ኤልኢዲ + ዲሲ ፍሪጅ | 350 | 50 | 968 | 305 | 240 | 1.8 |

ከመጀመሪያው ረድፍ ወደ ሦስተኛው ስንወርድ ፓኔሉም ባትሪውም ወደ ሲሶ ወረዱ። አኗኗራችን ግን አልተለወጠም። ያው ብርሃን አለ፣ ያው ቀዝቃዛ ውሃ አለ።

ከሦስተኛው ወደ አምስተኛው ያለውን ልዩነት ግን ረጋ ብላችሁ እዩት። 340 ዋት-ሰዓት ነው። በምንዛሪያችን ወደ 110 ዋት ፓኔልና 85 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ይሆናል። የዲሲ ፍሪጁ ተጨማሪ ዋጋ ከዚህ በላይ ከሆነ፣ እኔ ፓኔሉንና ባትሪውን እጨምራለሁ። መቀነስ ጥሩ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ተከታይ ቅነሳ ከበፊቱ እየተወደደ ይሄዳል። ለዚህ ነው ራሴ ባለ ኢንቨርተር ኮምፕረሰሩ ላይ የቆምኩት።

## ለማን የትኛው?

በጀቱ በጣም ጠባብ ለሆነ። ዛሬ የሽቦ አምፖሎቹን ቀይሩ፣ የፍሪጁን ላስቲክና ቦታ አስተካክሉ። ቁጥሮቹን ተመልከቱ፤ ይህ ብቻውን 1,470 ዋት-ሰዓት ይቀንሳል። ቤታችሁ ያለው ጠምዛዛው ፍሎረሰንት ከሆነ ግን ሁሉንም በአንዴ መጣል አያስፈልግም። ረጅም ሰዓት የሚበሩትን ሁለት ሦስቱን ብቻ ቀይሩ፣ ሌሎቹ ሲቃጠሉ ይተካሉ። ፓኔሉን ፍሪጁ እስኪቀየር አቆዩት፤ አሁን ለአሮጌው ፍሪጅ የሚበቃ ባትሪ ከገዛችሁ ገንዘቡ እዚያ ታስሮ ይቀራል።

ኢንቨርተሩ በሌላ ምክንያት ቀንና ሌሊት ለሚከፈትበት ቤት። ለምሳሌ የኢንተርኔት ራውተር ወይም ሌላ የማይጠፋ ዕቃ ካለ የዲሲ ፍሪጅ ዋና ጥቅም ይጠፋል። ባለ ኢንቨርተር ኮምፕረሰሩን ምረጡ።

ከመስመር ርቆ ለሚኖር፣ ሌሊት ከፍሪጅና ከመብራት በቀር ምንም ለማይሠራበት ቤት። እዚህ የዲሲ ፍሪጅና የ12 ቮልት ኤልኢዲ ይመጥናሉ። ሌላም ጥቅም አለው፤ ኢንቨርተሩ ቢበላሽ እንኳ ምግብ አይበላሽም፣ ቤቱም አይጨልምም። ለመድኃኒት ማስቀመጫ ግን ለዚያ ተብሎ የተሠራ ፍሪጅ ነው የሚያስፈልገው፤ የቤት ፍሪጅ አይተካውም።

ገንዘብ ለሌለው፣ ግን ሽቦ መግጠም ለሚያውቅ። የተቀየረው ፍሪዘር። ቤተሰቡ ግን መጀመሪያ ይስማማበት፤ ጎንበስ እያሉ ዕቃ ማውጣት የማይችል ሰው ካለ ይቅር።

መብራት እያለው ለመጥፊያው ሰዓት ብቻ ሶላር ለሚፈልግ። የቀን ድምር ሳይሆን መብራቱ የሚጠፋበት ረጅሙ ሰዓት ነው የሚቆጠረው። ስድስት ሰዓት ከሆነ፣ በውሃ የተሞሉ ጠርሙሶችን ፍሪዘሩ ውስጥ አቀዝቅዞ በሩን ዘግቶ መቆየት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ባትሪው ለመብራትና ለስልክ ብቻ ሊታሰብ ይችላል።

ትልቅ ሲስተም አስቀድሞ ለገዛ። አትቸኩሉ። ፓኔሉ ተገዝቷል፣ ባትሪውም እየሠራ ነው። ውሳኔው ባትሪው ሊቀየር ሲቃረብ ይምጣ። ያኔ በ955 አምፔር-ሰዓት ፋንታ 330 ከገዛችሁ፣ ልዩነቱ ምናልባት ፍሪጁን ሙሉ በሙሉ ይከፍለው ይሆናል።

## ከቀየራችሁ በኋላ

አዲሱ ፍሪጅ ሲገባ የመጀመሪያውን ቀን አትለኩ። ሙቅ ግድግዳውንና ሙቅ ምግቡን ለማቀዝቀዝ ብዙ ይበላል። ከሦስተኛው ቀን ጀምሩ። ከተጠበቀው በጣም ከበለጠ መጀመሪያ ቴርሞስታቱን እዩ። 4 ዲግሪ የሚበቃውን 1 ዲግሪ ላይ አድርጋችሁት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ለአየር መውጫ የተተወውን ቦታ ተመልከቱ።

ባዶ ቦታ ካለ የውሃ ጠርሙስ ሙሉበት። ፍጆታውን በራሱ ብዙ አይቀንስም፤ ግን ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል። ቀን ፀሐይ ሳለ ቴርሞስታቱን አንድ ሁለት ዲግሪ ዝቅ፣ ማታ ከፍ ብታደርጉት ሥራው ወደ ቀን ይዞራል፣ ባትሪውም ያርፋል። በረዶ እንዳይሠራ ግን ከ2 ዲግሪ በታች አትውረዱ።

አሮጌውን ፍሪጅ ደግሞ «ለመጠጥ ይሆናል» ብላችሁ ጥግ ላይ አትሰኩት። እኔ ጋ ለሁለት ሳምንት እንደዚያ ቆይቶ ነበር። ባትሪው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለምን እንደሚወርድ ግራ ገብቶኝ ሽቦ ስፈትሽ ከረምኩ። በመጨረሻ መለኪያውን እሱ ላይ ስሰካው 1,300 ዋት-ሰዓቷን እንደበፊቱ እየበላ አገኘሁት። ያን ቀን ነቅዬ አወጣሁት፤ ባትሪው በማግስቱ ጠዋት ከግማሽ በላይ ሞልቶ አደረ።